ሰባት ያልሞላው ገለልተኛ ውሃ

ከኬሚስትሪ ደብተራችን ላይ ብዙው ነገር ተረስቶ 7 ቁጥር ግን አብራን ቀርታለች። ፒኤቹ ከ7 በታች ከሆነ አሲድ፣ ከ7 በላይ ከሆነ ቤዝ፣ ልክ 7 ከሆነ ገለልተኛ። ይህን ለያዘ ሰው ምንም ያልተቀላቀለበት ንጹህ ውሃ እንደ ሰው ገላ 37 ዲግሪ ሲሞቅ ፒኤቹ 6.81 ገደማ ነው ብትሉት «ታዲያ አሲድ ሆነ ማለት ነዋ!» ይላችኋል። አልሆነም። ውሃው እንደ ቀድሞው ገለልተኛ ነው። የጎደለው ነገር ያለው ደብተራችን ላይ ነው፤ 7 የሚሠራው በ25 ዲግሪ ሙቀት መሆኑን ብዙዎቻችን አልጻፍንም።

ውሃ እንደሚመስለን ዝም ብሎ የተቀመጠ ነገር አይደለም። ሞለኪውሎቹ ሲገፋፉ አልፎ አልፎ አንዱ ከሌላው ላይ የሃይድሮጅን አዮን ይነጥቃል። ነጣቂው ሃይድሮኒየም፣ የተነጠቀው ሃይድሮክሳይድ ይባላል። ሁለቱ መልሰው ሲገናኙ ወዲያው ውሃ ይሆናሉ። በ25 ዲግሪ በአንድ ቅጽበት እንዲህ ተለያይቶ የሚገኘው ከ550 ሚሊዮን ገደማ ሞለኪውሎች አንዱ ብቻ ነው። አንድን ውሃ አሲድ የሚያሰኘው ሃይድሮኒየሙ ሲበልጥ፣ ቤዝ የሚያሰኘው ሃይድሮክሳይዱ ሲበልጥ ነው። በንጹህ ውሃ ውስጥ ግን አንዱ ያለ ሌላው አይፈጠርም፤ ስለዚህ ቁጥራቸው ሁልጊዜ እኩል ነው። ገለልተኛ ማለትም ይኸው እኩልነት ነው።

ይህ መለያየት ሙቀት ይፈልጋል። ውሃውን ስናሞቀው የሚለያዩት ሞለኪውሎች ይበዛሉ፤ በ37 ዲግሪ ከ355 ሚሊዮን ገደማ አንዱ ይደርሳል። የገበያ ሚዛን አስቡ። በሁለቱም ሳህኖች ላይ እኩል ክብደት ብትጨምሩ ምላሱ ከመሃል አይነቃነቅም፤ የተጫነው ብቻ ከበደ። ፒኤች የሚያነበው ደግሞ የሃይድሮጅኑን ሳህን ብቻ ነው። የዴንማርኩ ኬሚስት ሶረን ሶረንሰን በ1909 በኮፐንሃገን የካርልስበርግ ቤተ ሙከራ ይህን መለኪያ ሲያወጣ ያሰበው የሃይድሮጅኑን መጠን እንጂ የሁለቱን ንጽጽር አልነበረም።

እስቲ እናስላው። በ25 ዲግሪ በአንድ ሊትር ንጹህ ውሃ ውስጥ 0.0000001 ሞል ሃይድሮኒየም አለ፤ ከነጥቡ በኋላ 1 የተቀመጠችው በሰባተኛው ቦታ ላይ ነው፤ ፒኤቹም 7 ሆነ። በ37 ዲግሪ መጠኑ ወደ 0.000000155 ያድጋል። ፒኤች በሎጋሪዝም የሚሰላና መጠኑ በጨመረ ቁጥር የሚወርድ ቁጥር ስለሆነ ይህ አንድ ጊዜ ተኩል ያህል ጭማሪ 7ን ወደ 6.81 ያወርደዋል። ሃይድሮክሳይዱም በዚያው መጠን ጨምሯል፤ መለኪያው ግን እሱን አይነግረንም። በዜሮ ዲግሪ የገለልተኛው ውሃ ፒኤች 7.47 ነው፤ በ100 ዲግሪ ወደ 6.1 ይወርዳል። ድንበሩ ሁልጊዜ 7 ቢሆን ኖሮ ምድጃ ላይ የጣድነው ንጹህ ውሃ ሲፈላ አሲድ፣ ሲቀዘቅዝ ቤዝ እያልነው ልንኖር ነበር።

6.81ን ራሱን በመሣሪያ ማየት ግን ቀላል አይደለም። ክፍት ብርጭቆ ውስጥ ያለ ንጹህ ውሃ ከአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይስባል፤ ፒኤቹም ወደ 5.6 ይወርዳል። ይህኛው የእውነት አሲድ ነው፣ ምክንያቱም ካርቦኒክ አሲድ ገብቶበት እኩልነቱ ፈርሷል። በዚያ ላይ ንጹህ ውሃ ኤሌክትሪክ በደንብ ስለማያስተላልፍ የመለኪያው ቁጥር ሲዋልል ይታያል። መሣሪያው ሙቀትን በራሱ ያስተካክላል ቢባልም የሚያስተካክለው የኤሌክትሮዱን ምላሽ ነው፤ ንባቡን ወደ 7 አይመልሰውም፣ መመለስም የለበትም።

ልዩነቱ ትልቅ ትርጉም የሚያገኘው በደማችን ውስጥ ነው። የጤነኛ ሰው የደም ቧንቧ ደም ፒኤች 7.4 ገደማ ነው። ከ7 ጋር ብናነጻጽረው በ0.4 ብቻ ያለፈ ይመስላል። ደሙ ያለው ግን በ37 ዲግሪ ነውና ትክክለኛው መነሻ 6.81 ነው፤ ርቀቱም ወደ 0.6 ይሰፋል። ይህ ማለት ለአንድ ሃይድሮኒየም 15 ያህል ሃይድሮክሳይድ አለ ማለት ነው፤ 7ን ድንበር ብናደርግ ስድስት ያህል ብቻ ይመስለን ነበር። ሐኪሞች ፒኤቹ ከ7.35 ሲወርድ አሲዶሲስ ይሉታል፤ 7.0 ላይ የደረሰ ታማሚ ሕይወቱ አደጋ ላይ ነው። ያ ደም ግን በኬሚስት ዓይን አሁንም ቤዝ ነው። ሐኪሙ የሚያነጻጽረው ከጤነኛ ደም ጋር ነው፣ ኬሚስቱ ደግሞ 37 ዲግሪ ከሞቀ ንጹህ ውሃ ጋር።