ሬዲዮው የመለሰ ዕለት

ውሻ ቢናገር ሰው ይደነግጣል፤ ሬዲዮ ቢናገር ግን ሥራው ነው። «አንዲት ልጅ የሚያወራ ሬዲዮ አገኘች» የሚል አጭር ታሪክ ወደ አኒሜሽን ስክሪፕት ልቀይር ብሎ የሚነሣ ጸሐፊን መጀመሪያ የሚያስቸግረው ይኸው ነው። በልብ ወለዱ ላይ «ሬዲዮው አናገራት» ብሎ ማለፍ ይቻላል፤ አንባቢም ይቀበላል። ተመልካች ግን ከሬዲዮ ድምፅ ሲወጣ ዜና ይሁን ድራማ ወይስ ተአምር በምን ይለያል? ስለዚህ ጸሐፊው መፈለግ ያለበት ሬዲዮው መመለስ የሚጀምርበትን ቅጽበት ነው።

ልጅቱን ሚሚ እንበላት። በታሪኩ ውስጥ አያቷ ጓዳ ገብታ አቧራ የለበሰ ሬዲዮ ታገኛለች፤ ስትከፍተው «ብቸኝነቷን ያወቀላት መሰላት» ይላል። ግሩም ዓረፍተ ነገር ነው፤ ግን «መሰላት» አይሣልም። ስክሪፕት የሚታየውንና የሚሰማውን ብቻ፣ ያውም አሁን እየሆነ እንዳለ አድርጎ ነው የሚጽፈው። ያው ቦታ በስክሪፕት እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

ውስጥ። የአያት ጓዳ። ከሰዓት በኋላ።

ሚሚ (8 ዓመት) የሬዲዮውን አቧራ በቀሚሷ ጫፍ ትጠርጋለች። ታበራዋለች። ሽሽሽ የሚል ድምፅ። የጣቢያ መፈለጊያውን ቀስ ብላ ታዞራለች።

የዜና አንባቢ፦ ...በምሥራቁ የአገሪቱ ክፍል ዝናብ ይጠበቃል...

ሚሚ (ለራሷ)፦ እዚህስ?

ድምፁ ቀጥ ይላል። የጣቢያ መፈለጊያው መርፌ ማንም ሳይነካው ትንሽ ወደ እሷ ይሄዳል።

ሬዲዮ፦ እዚህማ ጀምሯል። መስኮቱን ክፈቺው።

ሚሚ መስኮቱን ትከፍታለች። ዝናብ።

«ተአምር» የሚል ቃል የትም የለም። ዜናው መቋረጡ፣ መርፌው መንቀሳቀሱ፣ «ክፈቺው» መባሏና ዝናቡ በተራ በተራ ነገሩን ያስረዳሉ። ከአራቱ ዝምታው ከወጣ ግን የአየር ትንበያው የቀጠለ ይመስላል።

ብዙ ጀማሪዎች እዚህ ላይ ሌላ ብልሃት ይጨምራሉ፤ ሚሚ የሬዲዮውን ጀርባ ስትከፍት ድንጋይ የለውም። አንድ ጊዜ ያስደንቃል። ከዚያ በኋላ ግን ሬዲዮው የማይደክም ይሆንና ልጅቱ የምታጣው ነገር አይኖርም። እኔ ብሆን ያረጁ ድንጋዮች አደርግለታለሁ። ድምፁ በየትዕይንቱ እየሰለለ ሲሄድ ታሪኩ ራሱ ሰዓት ይቆጥራል። የደከመ ድንጋይ ፀሐይ ላይ ማስጣት ደግሞ በአገራችን ያላደረገው ቤት ጥቂት ነው። ሙቀት በድንጋዩ ውስጥ ያለውን ኬሚካል ለጊዜው ያነቃዋል እንጂ አዲስ ጉልበት አይጨምርም። ሚሚ ድንጋዮቹን ቆርቆሮ ላይ አስጥታ ስትመለስ ሬዲዮው የሚቀሩት ጥቂት ዓረፍተ ነገሮች ናቸው። የታሪኩ መጨረሻ ከዚያ ይመጣል።

ወደ ወጪው እንምጣ። በልማድ የስክሪፕት አንድ ገጽ አንድ ደቂቃ ገደማ ተብሎ ይገመታል። ፊልም በሰከንድ 24 ምስል ያሳያል፤ በእጅ በሚሣል አኒሜሽን ብዙ ጊዜ አንዱ ሥዕል ለሁለት ምስል ስለሚያገለግል በሰከንድ 12 ሥዕል ይፈለጋል። ሚሚ ሳታቋርጥ የምትንቀሳቀስበት አንድ ደቂቃ 720 ሥዕል ነው ማለት ነው። ድምፅ አስቀድሞ ይቀረጽና አፏ በቃሉ ልክ ይሣላል። ሬዲዮ ግን አፍ የለውም። ጎበዝ ጸሐፊ ረጅሙን ንግግር ለሬዲዮው፣ አጭሩን ለልጅቱ ይሰጣል።

አፍ ስለሌለው ግን ዝም ብሎ የተቀመጠ ዕቃ መሆን የለበትም። ጆን ላሴተር በ1986 በፈረንጆች አቆጣጠር በሠራው «ሉክሶ ጁኒየር» በተባለው የፒክሳር አጭር ፊልም ላይ ሁለት የጠረጴዛ መብራቶች ያለ ዓይንና ያለ አፍ፣ በአንገታቸው አቀርቃሪነትና በዝላያቸው ብቻ ወላጅና ልጅ መሆናቸው ይታወቃል። ሬዲዮም መርፌ፣ መብራት፣ አንቴናና የድምፅ ማውጫ ጨርቅ አለው። ሲያፍር መብራቱ ይደበዝዛል፤ ሲቆጣ ጨርቁ ይንቀጠቀጣል። ዓይን ከተሣለበት ግን ሚሚ ያገኘችው ሬዲዮ መሆኑ ይቀርና መጫወቻ ይሆናል።

ሥዕል ሳይጀመር ስክሪፕቱን መፈተሽ ይቻላል። የትዕይንቶቹ ንድፍ በቅደም ተከተል ተደርድሮ ጊዜያዊ ድምፅ ይገባበትና እንደ ፊልም ይታያል። ዓይንዎን ጨፍነው ሁሉም ነገር ከገባዎ የጻፉት የሬዲዮ ድራማ ነው። ድምፁን አጥፍተው ሲያዩት ደግሞ ሬዲዮው ለሚሚ የመለሰላት የት ላይ እንደሆነ ካልለዩ፣ ሠዓሊ ከመቅጠርዎ በፊት ወደ መጀመሪያው ገጽ ይመለሱ።