በቤት ውስጥ የሚንከባለለው መርፌ

የብጉር ጠባሳ ለማጥፋት ብላ ባለ መርፌ ሮለር ፊቷ ላይ አንከባላ፣ ወዲያው ቆዳ የሚልጥ ጠንካራ አሲድ የቀባች ሴት እናስብ። መርፌው በከፈተው ቀዳዳ አሲዱ ከታሰበው በላይ ጠልቆ ይገባል። ጥቁር ቆዳ ሲቆጣ ሜላኒን አብዝቶ ያመርታል። ስለዚህ ቁጣው ሲበርድ ከጠባሳው የባሰ ጥቁረት ይወጣና ወራት ይቆያል። በጥቁር ቆዳ ላይ መቅላት ስለማይጎላ፣ የማይበርድ ማቃጠል ሲሰማ አሲዱን ቶሎ በብዙ ውኃ ማጠብ ይገባል።

የቆዳ ሐኪም መጀመሪያ ብጉሩ መዳኑን ያያል፤ በንቁ ብጉር ላይ መርፌ ኢንፌክሽን ያዛምታልና። መርፌው ንጹሕና አንዴ ተጠቅመው የሚጥሉት ነው። ለመላጥ ደግሞ ከ20 እስከ 30 በመቶ ሳሊሲሊክ አሲድን የመሰለ፣ ላዩን ብቻ የሚነካ ይመርጣል፤ በትንሽ ቦታ ሞክሮ፣ በሳምንታት ልዩነት ይደግመዋል። በመካከሉ ፀሐይ መከላከያ ክሬም በየቀኑ ይቀባል።