ሁለት ፎቅ ርዕስ ያለው ሰንጠረዥ

ስካን ተደርጎ ወደ ኤክሴል የተለወጠ የተማሪዎች ሰንጠረዥ እንውሰድ። «2014» የሚለው ርዕስ «ወንድ» እና «ሴት» በሚሉ ሁለት ዓምዶች ላይ ተዘርግቷል፤ «2015»ም እንዲሁ። ሲኤስቪ ግን በኮማ የተለያየ ተራ ጽሑፍ በመሆኑ የተዋሃደ ሕዋስን የሚያሳይበት ምልክት የለውም። ስለዚህ ዓመቱ በመጀመሪያው ዓምድ ብቻ ይቀራል፦

```
ወረዳ,2014,,2015,
,ወንድ,ሴት,ወንድ,ሴት
```

የመጀመሪያውን መስመር ብቻ እንደ ርዕስ የሚያነብ ፕሮግራም የሴቶቹን ዓምዶች ስም አልባ ያደርጋል፤ ሁለተኛውንም መስመር እንደ መረጃ ይቆጥራል። ቁጥር ብቻ መሆን የነበረበት ዓምድም ጽሑፍ ይቀላቀልበታል።

መፍትሔው ከመላክ በፊት የተዋሃዱትን ሕዋሶች ለያይቶ ባዶውን በግራው ዓመት መሙላት፣ ከዚያም ሁለቱን መስመሮች ማጣመር ነው፦

```
ወረዳ,2014_ወንድ,2014_ሴት,2015_ወንድ,2015_ሴት
```

ሲሞሉ ዋናውን ምስል ያመሳክሩ፤ ስካኑ ሳያነበው የቀረ ርዕስም ባዶ ሆኖ ይታያልና።