የበረዶ ቀሪ ሒሳብ

እ.ኤ.አ. በ1936 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ ዊሊያም ጂዮክና ባልደረባው ስታውት የውኃን ኢንትሮፒ በሁለት መንገድ አስልተው መልሱ አልገጥም አላቸው። በመጀመሪያው መንገድ በረዶን ከ15 ኬልቪን፣ ማለትም ከዜሮ በታች 258 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ፣ ጀምረው ቀስ እያሉ አሞቁ። በየደረጃው የገባውን ሙቀት በዚያ ሰዓት ለነበረው ቴምፕሬቸር እያካፈሉ፣ በረዶው ቀልጦ፣ ውኃውም ተንኖ እስከሚያልቅበት ድረስ ደመሩት። በሁለተኛው መንገድ ማሞቅ አላስፈለገም፤ የእንፋሎቱ ሞለኪውሎች ከሚውጡት የብርሃን ዓይነት ተነሥቶ በስሌት ብቻ የሚገኝ ነው። ለአንድ ሞል፣ ማለትም ለ18 ግራም ውኃ፣ የመጀመሪያው 185.3፣ ሁለተኛው 188.7 ጁል በኬልቪን ሰጠ።

የ3.4 ልዩነት በመለኪያ ስሕተት የሚሳበብ አልነበረም። የመጀመሪያው ስሌት ግን አንድ ነገር እንደተረጋገጠ አድርጎ ይነሣል፤ በፍጹም ዜሮ የበረዶ ኢንትሮፒ ዜሮ ነው ይላል። ይህ እውነት መሆን አለመሆኑን ለማወቅ ኢንትሮፒ ራሱ ምን እንደሚቆጥር ማየት ያሻል።

የቦልትዝማን ቀመር S = k ln W ነው። W ከውጭ ሲታይ አንድ ዓይነት የሚመስለው ነገር በውስጡ በስንት የተለያየ አደራደር ሊገኝ እንደሚችል የሚገልጽ ቁጥር ነው፤ k ደግሞ 1.38 × 10⁻²³ ጁል በኬልቪን የሆነ ቋሚ ቁጥር ነው። እንግዲህ ሥራው ቆጠራ ነው።

ከትንሽ እንጀምር። በክሪስታል ውስጥ አራት የካርቦን ሞኖክሳይድ ሞለኪውሎች በየቦታቸው ተቀምጠዋል እንበል። ሞለኪውሉ በአንድ ጫፉ ካርቦን፣ በሌላው ኦክስጅን አለው፤ ሁለቱ ጫፎች በመጠን ስለሚቀራረቡ ቢዞር ለጎረቤቶቹ ብዙ ለውጥ የለውም። ስለዚህ እያንዳንዱ በሁለት መንገድ ይቀመጣል። ሁሉም ወደ ቀኝ የሚያዩበት 1 አደራደር አለ፤ አንዱ ብቻ የዞረበት 4፣ ሁለት የዞሩበት 6፣ ሦስት የዞሩበት 4፣ ሁሉም የዞሩበት 1። ድምሩ 16 ነው፤ ኢንትሮፒውም k ln 16፣ ማለትም 3.8 × 10⁻²³ ጁል በኬልቪን ይሆናል። ሌላ አራት ብንጨምር አደራደሩ 16 ጊዜ 16፣ ማለትም 256 ይሆናል፤ ኢንትሮፒው ግን እጥፍ ብቻ ነው የሚሆነው። ሎጋሪዝም የገባው ለዚህ ነው፤ ብዜትን ወደ ድምር ይለውጣል።

እዚህ ላይ ቆጣሪን የሚያሳስት ነገር አለ። ሞለኪውሉ ናይትሮጅን ቢሆን ኖሮ ሁለቱ ጫፎቹ አንድ ስለሆኑ መዞሩ አዲስ አደራደር አይፈጥርም፤ W 1 ይሆናል፤ ቀሪ ኢንትሮፒም አይኖርም። ለአንድ ሞል ካርቦን ሞኖክሳይድ ቆጠራው 5.76 ሲሰጥ፣ የተለካው 4.6 ገደማ ነው። ማነሱ፣ ሞለኪውሎቹ መዞር ሳያቅታቸው በፊት በከፊል መልክ መያዛቸውን ይጠቁማል።

ወደ በረዶው እንመለስ። በ1935 ላይነስ ፖሊንግ መልሱን በቆጠራ አግኝቶት ነበር። በበረዶ ውስጥ እያንዳንዱ ኦክስጅን አራት የኦክስጅን ጎረቤቶች አሉት፤ በሁለት ኦክስጅኖች መካከል ደግሞ አንድ ሃይድሮጅን ይገኛል፤ ወደ አንዱ ወይም ወደ ሌላው ይጠጋል። ሕጉ አንድ ነው፤ ውኃው ውኃ ሆኖ እንዲቀር ከእያንዳንዱ ኦክስጅን አጠገብ ሁለት ሃይድሮጅን ቀርበው ሁለት መራቅ አለባቸው።

N ሞለኪውል ካለ 2N ሃይድሮጅን አለ፤ እያንዳንዱ ሁለት ምርጫ ስላለው ሕጉን ለጊዜው ብንተወው አደራደሩ 4ᴺ ነው። አሁን አንዱን ኦክስጅን ለብቻው እንየው። በዙሪያው ያሉት አራት ሃይድሮጅኖች በ16 መንገድ ሊቀመጡ ይችላሉ፤ ሕጉን የሚያከብሩት ግን 6ቱ ብቻ ናቸው። 4ᴺ በ(6/16)ᴺ ሲባዛ (3/2)ᴺ ይሆናል። ለአንድ ሞል R ln (3/2)፣ ማለትም 3.37 ጁል በኬልቪን ነው። ከጎደለው 3.4 ጋር ገጠመ።

ቆጠራው ፍጹም አይደለም። ፖሊንግ እያንዳንዱን ኦክስጅን ከሌሎቹ ነጻ አድርጎ ቆጥሯል፤ በበረዶ ውስጥ ግን ኦክስጅኖቹ በስድስት ስድስት ቀለበት የተያያዙ ናቸው። በ1966 ጆን ኔግል ይህን አስገብቶ ሲያሰላ 1.5 የነበረው ቁጥር ወደ 1.507 ብቻ ከፍ አለ።

ታዲያ በረዶው ሲቀዘቅዝ ከእነዚህ አደራደሮች አንዱን ለምን አይመርጥም? በኃይል የሚሻለው አደራደር አለ፤ ወደዚያ ለመድረስ ግን ብዙ ሃይድሮጅኖች ተያይዘው መንቀሳቀስ አለባቸው፤ ቅዝቃዜው ደግሞ እንቅስቃሴያቸውን ቀድሞ ይገታዋል። በ1982 የጃፓን ተመራማሪዎች በበረዶው ውስጥ ጥቂት ፖታስየም ሃይድሮክሳይድ ጨምረው ለእንቅስቃሴው መንገድ ከፈቱ። በ72 ኬልቪን ሃይድሮጅኖቹ ሥርዓት ያዙ፤ ከቀሪው ኢንትሮፒም ከግማሽ በላዩ ጠፋ።