ከደመወዝ ተቆርጦ ከመዝገብ የጠፋ የጡረታ መዋጮ

በግል ድርጅት የሚሠራ ሰው የወሩን የደመወዝ ወረቀት ሲቀበል ዓይኑ ቀድሞ የሚያርፈው ከታች በተጻፈው የተጣራ ክፍያ ላይ ነው። ከግብሩ ቀጥሎ «ጡረታ» የሚለውን መስመር ብዙዎች አይተውት ያልፋሉ፤ ገንዘቡ ከተቆረጠ የሚገባበት ገብቷል ብለው ያምናሉ። መቁረጥና ማስገባት ግን የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። መቁረጡ በድርጅቱ የሒሳብ ክፍል ውስጥ ያልቃል። ማስገባቱ ደግሞ ገንዘቡ ከድርጅቱ የባንክ ሒሳብ ወጥቶ ወደ ጡረታ ፈንዱ እንዲሄድ፣ የሠራተኛውም ስም ከመዋጮው ጋር እንዲመዘገብ ይጠይቃል። የመጀመሪያው በየወሩ እየተሠራ ሁለተኛው ሲቀር ሠራተኛው ለዓመታት ሳያውቅ ሊኖር ይችላል።

በኢትዮጵያ የግል ድርጅት ሠራተኞች በጡረታ ሕግ የታቀፉት በ2003 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 715 ነው። አሁን የሚሠራበት እሱን የተካው አዋጅ ቁጥር 1268/2014 ነው። ሠራተኛው ከመደበኛ ደመወዙ 7 በመቶ፣ አሠሪው ከራሱ ኪስ 11 በመቶ ያዋጣሉ። ሁለቱንም ሰብስቦ በወቅቱ ገቢ የማድረግ ግዴታ የአሠሪው ብቻ ነው፤ ሠራተኛው በዚህ ሒደት ውስጥ እጁን የሚያስገባበት ቦታ የለም። ድርጅቱ ቢያዘገይ ወለድና ቅጣት ይታከልበታል፤ ከባንክ ሒሳቡ ላይ ተቀንሶ ገቢ እንዲሆን የማስደረግ ሥልጣንም ለሚመለከተው አካል ተሰጥቷል። ሕጉ ጥርስ የለውም ማለት አይቻልም። ግን ጉድለቱን የሚያሳይ ሰው ካልተገኘ ጥርሱ ሥራ ላይ ሳይውል ይቆያል፤ ጉድለቱን ከማንም በፊት በማስረጃ ማሳየት የሚችለው ደግሞ የደመወዝ ወረቀቱን በእጁ የያዘው ሠራተኛ ነው።

ነገሩን በምሳሌ እንየው። በአንድ የፕላስቲክ ፋብሪካ በወር 12,000 ብር መደበኛ ደመወዝ የሚከፈላት ሠራተኛ አለች እንበል። በየወሩ 840 ብር ይቆረጥባታል፤ አሠሪዋ 1,320 ብር መጨመር አለበት። ስለዚህ በስሟ በየወሩ 2,160 ብር መግባት ነበረበት። በግንቦት 2017 መጀመሪያ ለሌላ ጉዳይ ወደ ማኅበራዊ ዋስትና አስተዳደሩ ቅርንጫፍ ሄዳ መዝገቧን ስታስፈትሽ ከጥር 2016 እስከ የካቲት 2017 ባሉት 14 ወራት በስሟ የገባ መዋጮ የለም። ከደሞዟ የተቆረጠው ብቻ 11,760 ብር ነው፤ የአሠሪው ድርሻ ሲጨመር 30,240 ብር ይደርሳል።

የብሩ መጠን ግን ከጉዳቱ ትንሹ ክፍል ነው። የጡረታ አበል የሚታሰበው በአገልግሎት ዘመንና በደመወዝ ልክ እንጂ በተጠራቀመው ገንዘብ ድምር አይደለም። በዕድሜ ምክንያት የሚገለል ሠራተኛ ዕድሜ ልኩን በየወሩ አበል እንዲያገኝ ቢያንስ 10 ዓመት ያገለገለ መሆን አለበት። ከዚያ በታች ከሆነ የሚሰጠው ዳረጎት ነው፤ አንድ ጊዜ ተከፍሎ ያልቃል። ይህች ሠራተኛ 60 ዓመት ሲሞላት 10 ዓመት ከ6 ወር ሠርታ ቢሆን፣ የጎደሉት 14 ወራት ካልተሞሉ መዝገቡ የሚያሳየው 9 ዓመት ከ4 ወር ነው። ያን ጊዜ ፋብሪካው ተዘግቶ ወይም ባለቤቱ ተቀይሮ ይሆናል፤ የቀድሞዋ የሒሳብ ሹምም የት እንዳለች የሚያውቅ አይገኝም። ስለዚህ መጠየቂያው ጊዜ ድርጅቱ በሩ ክፍት ሆኖ ሰነዱም ከሳጥኑ ሳይወጣ ነው።

ለአሠሪው ከመጻፍ በፊት ማስረጃን ማሰናዳት ያስፈልጋል። የእነዚያን ወራት የደመወዝ ወረቀቶች መሰብሰብ፣ ደመወዝ በባንክ የሚገባ ከሆነ የባንክ መግለጫ ማውጣት፣ የቅጥር ደብዳቤንና የጡረታ መለያ ቁጥርን ማዘጋጀት ይገባል። የባንክ መግለጫው ብቻውን መቆረጡን አያሳይም፤ የገባውን የተጣራ ገንዘብ ብቻ ነው የሚናገረው። የደመወዝ ወረቀት የማይሰጥ ድርጅት ከሆነ ግን በውሉ ላይ ካለው ደመወዝ ግብሩና 7 በመቶው ሲነሳ ባንክ ከገባው ጋር እኩል መምጣቱን አስልቶ ማሳየት ይቻላል።

ደብዳቤው ክስ መሆን የለበትም። ይህን የምንለው ለአሠሪው አዝነን አይደለም፤ ጉድለቱ ከምን እንደመጣ ገና ስላልታወቀ ነው። ድርጅቱ ገንዘቡን ለጥሬ ዕቃ መግዣ አውሎት ሊሆን ይችላል፤ ይህ በደል ነው። ነገር ግን ገንዘቡ በድርጅቱ ስም ገብቶ የሠራተኞቹ ዝርዝር አብሮ ሳይቀርብ ቀርቶም ሊሆን ይችላል። የመለያ ቁጥሩ አንድ አሃዝ ተሳስቶ፣ ወይም የአያት ስም በአንዱ ሰነድ በአንድ ዓይነት ፊደል፣ በሌላው በሌላ ተጽፎ መዋጮው ከሰውየው ጋር ሳይገናኝ መቅረቱም አለ። ከመጀመሪያው መስመር «ገንዘቤን በላችሁ» የሚል ደብዳቤ ነገሩን ወደ ጠብ ይወስደዋል፤ ምክንያቱ የፊደል ስሕተት ሆኖ ከተገኘ ደግሞ ጸሐፊዋን ያሳፍራታል። በአንጻሩ የተለሳለሰ ልመናም አይጠቅም። የሚበጀው ሰነድ የሚጠይቅ ደብዳቤ ነው። የምሳሌያችን ሠራተኛ እንዲህ ብትጽፍ ይበቃታል፦

ቀን ግንቦት 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ

ጉዳዩ፦ ከደመወዜ ተቆርጦ በስሜ ገቢ ስላልሆነ የጡረታ መዋጮ ማብራሪያ እንዲሰጠኝ ስለመጠየቅ

በድርጅቱ የምርት ክፍል በቋሚነት የምሠራ ሠራተኛ ነኝ። ከጥር 2016 እስከ የካቲት 2017 ዓ.ም. ባሉት 14 ወራት በየወሩ 840 ብር የጡረታ መዋጮ ከደመወዜ መቆረጡን የደመወዝ ወረቀቶቼ ያሳያሉ። ሆኖም በጡረታ መለያ ቁጥሬ በተያዘው መዝገብ ላይ በእነዚህ ወራት የኔም ሆነ የድርጅቱ መዋጮ ገቢ ሆኖ አላገኘሁም።

ስለሆነም መዋጮው በየወሩ መቼና በምን ደረሰኝ ገቢ እንደተደረገ፣ ስሜ ያለበት ወርኃዊ የመዋጮ ማሳወቂያ ቅጽ ከነደረሰኙ ቅጂ እንዲሰጠኝ፤ ገቢ ያልተደረገ ካለም የትኞቹ ወራት እንደሆኑና መቼ ገቢ እንደሚደረግ ይህ ደብዳቤ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ በጽሑፍ እንዲገለጽልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። የ14ቱን ወራት የደመወዝ ወረቀት ቅጂ አያይዣለሁ።

ከሠላምታ ጋር

በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ሆን ተብሎ የቀሩ ነገሮች አሉ። ስለ ትርፍ ሰዓት፣ ስለ ዓመት ዕረፍት፣ ስለ አለቃው ጠባይ አንድ ቃል የለም፤ ብዙ ቅሬታ የተጫነበት ደብዳቤ አሠሪው ቀላሉን መርጦ እንዲመልስና ከባዱን እንዲዘል መንገድ ይከፍትለታልና። መጋቢትና ሚያዝያም አልተጠቀሱም። ወርኃዊ መዋጮ የሚገባው ወሩ ካለቀ በኋላ በተወሰነ ቀን ውስጥ ስለሆነ የቅርቦቹን ወራት መጨመር «ገና ጊዜው አልደረሰም» የሚል መልስ ይጋብዛል፤ ያ አንድ መልስም የቀሩትን 14 ወራት ይሸፍናቸዋል። አሥሩ ቀናትም በሕግ የተቀመጡ ሳይሆኑ ጠያቂዋ የምትሰጠው ምክንያታዊ ጊዜ ናቸው። ቀን የሌለው ጥያቄ መቼ እንዳልተመለሰ ማወቅ አይቻልም።

የአሰጣጡ ነገር ከአጻጻፉ አያንስም። ደብዳቤው በሁለት ቅጂ ይታተማል፤ አንዱ መዝገብ ቤት ሲገባ ሌላው ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀን፣ ማኅተምና የተቀባዩ ፊርማ ያርፍበትና ከሠራተኛዋ እጅ አይወጣም። ለሰው ኃይል ኃላፊው በእጅ ሰጥቶ «ደርሶኛል» የሚል ቃል ይዞ መመለስ ማስረጃ አይሆንም። መዝገብ ቤቱ አልቀበልም ካለ በፖስታ ቤት በሪኮማንዴ መላክ ይቻላል፤ የፖስታው ደረሰኝ መላኩን ያረጋግጣል። በድርጅቱ የሠራተኛ ማኅበር ካለ ግልባጭ ለእሱ ማድረግ ይጠቅማል፤ የአንዷ መዋጮ ካልገባ የሌሎቹም ሳይገባ የመቅረቱ ዕድል ሰፊ ነው፣ ሌሎቹም የየራሳቸውን መዝገብ እንዲያዩ ያነሣሣቸዋል። ለመንግሥት መሥሪያ ቤት ግልባጭ ማድረግ ግን በመጀመሪያው ደብዳቤ ባይሆን ይሻላል። ማብራሪያ እየጠየቁ በዚያው ወረቀት መክሰስ የደብዳቤውን ቃና ያበላሸዋል፤ ቀጣዩንም እርምጃ ቀድሞ ያባክነዋል።

ብዙ ሰው የሚፈራው «ብጽፍ ያባርሩኛል» ብሎ ነው። ፍርሃቱ መሠረት የሌለው አይደለም። ቢሆንም የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሠራተኛው በአሠሪው ላይ ቅሬታ ማቅረቡ ለሥራ ውል መቋረጥ ሕጋዊ ምክንያት እንደማይሆን በግልጽ ደንግጓል። ማኅተም ያረፈበት ቅጂ እዚህ ላይ ሌላ ጥቅም አለው፤ ስንብቱ ከጥያቄው በኋላ መምጣቱን በቀን ያሳያል።

የሚመጣው መልስ ብዙውን ጊዜ የቃል ነው፤ «ታገሺ፣ እናስተካክላለን»። ይህን በጽሑፍ ማስቀየር ያስፈልጋል። ኃላፊው ካልጻፈ እሷ ራሷ አጭር ማስታወሻ ጽፋ «በዚህ ቀን እንዲህ ብለው ገልጸውልኛል፤ የጽሑፍ መልሱን እጠብቃለሁ» በማለት እንደገና መዝገብ ቤት ታስገባለች። ድርጅቱ «አዎ፣ የእነዚህ ወራት መዋጮ አልገባም» ብሎ ከጻፈ ደግሞ ያ ወረቀት ከሁሉ የበለጠ ማስረጃ ነው። ደረሰኝ አቅርቦ ገንዘቡ መግባቱን ካሳየ ችግሩ ያለው ምዝገባው ላይ ስለሆነ ደረሰኙንና ቅጹን ይዞ ወደ አስተዳደሩ ቅርንጫፍ መሄድና በስሟ እንዲስተካከል ማመልከት ነው።

አሥሩ ቀን አልፎ ዝምታ ከሆነ ጥያቄው ወደ አቤቱታ ይለወጣል። አቤቱታው ለግል ድርጅቶች ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና አስተዳደር ይቀርባል፤ ማኅተም ያለው ደብዳቤ፣ የደመወዝ ወረቀቶቹና የቅጥር ውሉ ይያያዛሉ። እዚህ ላይ መጠየቅ ያለበት 840ው ብር ለሠራተኛዋ ይመለስ ተብሎ አይደለም። ገንዘቡ በእጇ ቢሰጣት የጠፋው የ14 ወር አገልግሎት አይመለስም፣ የአሠሪው 1,320 ብርም ይቀራል። መጠየቅ ያለበት 18 በመቶው ሙሉው ከነወለዱና ቅጣቱ ወደ ፈንዱ ገብቶ ወራቱ በስሟ እንዲመዘገቡ ነው። አንዳንድ ድርጅት የሠራተኛውን ድርሻ መልሶ ነገሩን መዝጋት ሲፈልግ የሚታየው ለዚህ ነው፤ ይቀለዋልና።

ክፍያው ተፈጸመ ከተባለ በኋላ መዝገቡን እንደገና ማስፈተሽ ያስፈልጋል፤ ያን ጊዜ የሚታየው ወራቱ መሞላታቸው ብቻ አይደለም። መዋጮው የተሰላበት ደመወዝም መታየት አለበት። 840 ብር እየቆረጠ ለፈንዱ ግን ደመወዟ 6,000 ብር እንደሆነ አድርጎ የሚያሳውቅ ድርጅት በየወሩ የሚያስገባው ከ2,160 ብር ይልቅ 1,080 ብር ነው። መዝገቡ ላይ አንድም ወር አይጎድልም፤ አበሉ ግን በግማሽ ደመወዝ ይታሰባል። እንዲህ ከሆነ ደብዳቤው በሁለተኛ ጊዜ ይጻፋል፤ ጉዳዩ የሚለው መስመር ላይም «ገቢ ስላልሆነ» በሚለው ፈንታ «ከትክክለኛ ደመወዜ በታች ተሰልቶ ገቢ ስለሆነ» ተብሎ ይገባል።