ጣሪያው ሲያፈስ ለአከራይ የሚጻፍ ደብዳቤ

ቤይሩት፣ ቡርጅ ሐሙድ ውስጥ ሦስት እህቶች በ240 ዶላር ሁለት ክፍል ተከራይተው ይኖራሉ። ቀን ቀን ሰው ቤት እየዞሩ ያጸዳሉ፣ ማታ ይሰባሰባሉ። ቤታቸው የመጨረሻው ፎቅ ላይ ነው፤ ከእነሱ በላይ ያለው ሰጥሑ ብቻ ነው። ኖቬምበር መጨረሻ ላይ የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ሲጥል የውስጠኛው ክፍል ጣሪያ ማንጠባጠብ ጀመረ። ባልዲ ደቀኑ፣ ፍራሽ ገፉ፣ በነጋታው ለባለቤቱ ደወሉ። «ቡክራ» አላቸው፤ ነገ ማለቱ ነው። ያ «ቡክራ» ከአንድ ወር በላይ ሄደ።

ስማቸውን አንጠቅስም። ያደረጉትን ግን በቅደም ተከተል እንንገርሽ፤ ከአሠሪ ቤት ውጭ ተከራይተሽ የምትኖሪ ከሆነ ክረምት በመጣ ቁጥር ይጠቅምሻል።

ከመጻፍሽ በፊት ውኃው ከየት እንደሚመጣ እወቂ

«ቤቱ ያፈሳል» ብቻ ካልሽው አከራዩ አንድ ሠራተኛ ይልካል፤ ሠራተኛው የታየውን ስንጥቅ ዚፍት ቀብቶት ይሄዳል። እነዚህ እህቶች ላይም የደረሰው ይኸው ነው። ዲሴምበር 12 ተቀባ፣ ዲሴምበር 18 ዝናብ ሲመጣ እንደገና አፈሰሰ።

ዋናው ጥያቄ መቼ መቼ ነው የሚያፈሰው የሚለው ነው። ፀሐይ ወጥቶ፣ ዝናብ ሳይኖር ለቀናት የሚያንጠባጥብ ከሆነ ችግሩ ብዙ ጊዜ ሰጥሑ ላይ ካለው የውኃ ታንከር ወይም ከቧንቧው ነው። ዝናብ ሲመጣ ጀምሮ፣ ካባራም በኋላ አንድ ቀን ያህል ቆይቶ የሚቆም ከሆነ ግን የዝናብ ውኃ ሰጥሑ ላይ ተኝቶ ወደ ሲሚንቶው እየሰረገ ነው። ይሄ የሚሆነው ወይ መውረጃው ስለተደፈነ፣ ወይ ዚፍቱ ስለተሰነጠቀ ነው። ሶላር ወይም ሌላ ነገር ሲተከል ሰጥሑ ተበስቶ ከሆነም ውኃው በዚያው ይገባል።

የእህቶቹ ቤት የሚያንጠባጥበው ከዝናብ ጋር ብቻ ነበር። ናጡሩን ለምነው ሰጥሑን እንዲያይላቸው አደረጉ። መውረጃው በቅጠልና በፌስታል ተደፍኖ ውኃው ኩሬ ሠርቷል። ናጡሩ ጠረገው። በሚቀጥለው ዝናብ ጠብታው ቀነሰ እንጂ አልቆመም፤ ስለዚህ ዚፍቱም ተጎድቷል ማለት ነው። ይህች ትንሽ ማጣራት ደብዳቤውን አጠነከረችው። አንቺ ራስሽ እርጥብ ሰጥሕ ላይ አትውጪ፣ ያንሸራትታል።

ከዚህ ጎን ለጎን ማስረጃ ያዢ። በግድግዳው ላይ ያለውን የእርጥበት ምልክት ጠርዙን በእርሳስ አስምሪና ቀኑን ጻፊበት። ከሚቀጥለው ዝናብ በኋላ ምልክቱ ከመስመሩ ካለፈ ፎቶ አንሺ። እየጨመረ መሆኑን ማንም ሊክድ አይችልም።

ውኃው በአምፖሉ ወይም በሶኬቱ አጠገብ የሚወርድ ከሆነ ግን ደብዳቤ እስኪጻፍ አትጠብቂ። የዚያን ክፍል መብራት ከዲጆንክተሩ ዝጊ፣ በእርጥብ እጅ ማብሪያውን አትንኪ፣ ለአከራዩ ያኑኑ ደውዪ። ግድግዳው ሻጋታ ካወጣ እዚያ ክፍል አትተኙ፤ በተለይ አስም ያለባት ሰው። ስታጸጂው መስኮት ክፈቺ፤ በረኪናን ከአሲድ ወይም ከሌላ ማጽጃ ጋር ፈጽሞ አታደባልቂ፣ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል።

ሕጉ ምን ይላል?

ሊባኖስ ውስጥ ኪራይን የሚመለከተው መሠረታዊ ሕግ የ1932ቱ የግዴታዎችና የውሎች ሕግ ነው። በውሉ ላይ ሌላ ስምምነት ካልተጻፈ በቀር፣ አከራይ ቤቱን ለመኖሪያ እንደሚሆን አድርጎ መጠበቅ አለበት። እንደ ልማዱ ትንንሽ ጥገና የተከራይ ሊሆን ይችላል፤ ጣሪያ ግን ትንሽ ጥገና አይደለም። አከራዩ እምቢ ካለ ተከራይ በፍርድ ቤት ሊያስገድደው፣ ያም ካልሆነ ራሱ አሠርቶ ወጪውን ከኪራይ ለመቀነስ ከፍርድ ቤት ፈቃድ ሊያገኝ ይችላል።

«ከፍርድ ቤት ፈቃድ» የሚለውን ልብ በይ። ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ተናደሽ በራስሽ ውሳኔ ኪራይ ብታቆሚ ወይም ብትቀንሺ፣ ጥፋቱ ከእሱ ወደ አንቺ ይዞራል። «ኪራይ አልከፈለችም» ማለት ለአከራይ ጥሩ ሰበብ ነው። ስለዚህ ቅናሽ የሚጠየቀውና የሚገኘው በስምምነት ነው፤ እስኪስማማ ድረስ ሙሉውን ክፈዪ፣ ወሰል ተቀበዪ።

ስንት እንቀንስ እንበል?

እህቶቹ መጀመሪያ «ግማሹን ይቀንስልን» ብለው ነበር። በኋላ ቁጭ ብለው አሰቡ። ቤቱ ሁለት ክፍል ነው። አንደኛው ክፍል ደህና ነው። ሁለተኛው ግማሹ እርጥብ ስለሆነ አንዷ ፍራሽዋን ወደ ሳሎን አውጥታለች። የአንድ ክፍል ግማሽ ማለት የቤቱ ሩብ ነው፤ የ240 ሩብ 60 ዶላር ነው። አከራዩ «ይህ ቁጥር ከየት መጣ?» ቢል መልስ አላቸው። መልስ የሌለው ቁጥር ግን የንዴት ቁጥር ይመስላል።

ደብዳቤው

ጃንዋሪ 6 ቀን የጻፉት ይሄ ነው። በዐረብኛ ያስጻፉት ቋንቋውን በምታነብ ጎረቤት ነው፤ ከመላኩ በፊት ቃል በቃል አስነብበው ሰምተዋል።

«ለተከበሩ ሚስተር ______፣

በመጨረሻው ፎቅ ያለውን ቤትዎን የተከራየሁት እኔ ______ ነኝ። እስከ ዛሬ ኪራይ በየወሩ ከፍያለሁ፣ ወሰሎቹ በእጄ አሉ።

ከኖቬምበር መጨረሻ ጀምሮ ዝናብ በመጣ ቁጥር የውስጠኛው ክፍል ጣሪያ ያፈሳል። በስልክ ነግሬዎት ዲሴምበር 12 ሠራተኛ ልከው ዚፍት ቀብቷል፤ ስለላኩት አመሰግናለሁ። ነገር ግን ዲሴምበር 18 እንደገና አፈሰሰ። ናጡሩ የሰጥሑን መውረጃ ጠርጓል፤ ጠብታው ቀነሰ እንጂ አልቆመም። ዝናብ በሌለበት ቀን ስለማያፈስ ችግሩ ከታንከሩ አይመስልም። ፎቶዎችን ከቀናቸው ጋር ልኬያለሁ።

የምጠይቅዎ ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ሰጥሑን የሚያውቅ ባለሙያ በ10 ቀን ውስጥ መጥቶ እንዲያይና ዝናብ ሲያባራ እንዲጠግን። የሚመጣበትን ቀን አስቀድመው ይንገሩኝ፣ ቤት እገኛለሁ። ሁለተኛ፣ የክፍሉ ግማሽ ስለማያገለግል እስኪጠገን ድረስ ኪራዩ ከ240 ወደ 180 ዶላር እንዲቀንስ። ከጥገናው በኋላ አንድ ከባድ ዝናብ ዘንቦ ካላፈሰሰ፣ ከቀጣዩ ወር ጀምሮ ሙሉውን እከፍላለሁ።

መልስዎን በጽሑፍ ቢልኩልኝ ደስ ይለኛል።»

ደብዳቤው ውስጥ የሌለውንም እዪ። ዛቻ የለም፣ ፖሊስ የለም። ስለ ኢቃማ፣ ስለ ስፖንሰር፣ ስለ ፓስፖርት አንድም ቃል የለም፤ የጣሪያ ጉዳይ ስለሆነ አያስፈልግም። የፓስፖርት ኮፒም አታያይዢ። የተፈረመበት ስም አንድ ብቻ ነው፤ ውሉ ላይ ያለው ስም።

እህቶቹ ፎቶውን አያይዘው በዋትስአፕ ላኩ፣ አንድ ወረቀት ደግሞ በእጁ ሰጡ። በዋትስአፕ የተላከ ቀኑ ይታያል። በድምፅ መልስ ቢልክልሽ አታጥፊው፣ ከዚያ የገባሽን በጽሑፍ መልሰሽ ላኪለት፤ «በነገሩኝ መሠረት ባለሙያው ሐሙስ ይመጣል» ብለሽ። ስልክ ላይ ለመንገር ደግሞ «ኢል ሰእፍ አም ይድሎፍ» በዪ፤ ጣሪያው እያንጠባጠበ ነው ማለት ነው።

ከዚያ ምን ሆነ?

አከራዩ በ180 አልተስማማም። «200 አድርጉት፣ ዚፍቱን አስነጥፋለሁ» ብሎ በዋትስአፕ ጻፈ። ተስማሙ። የጃንዋሪን ኪራይ ሲከፍሉ ግን ወሰሉ ላይ «200 ዶላር» ብቻ ተጽፎ አዩ። ይሄ አደገኛ ነው። ከወራት በኋላ ሲታይ 40 ዶላር ዕዳ የቀረ ይመስላል። አስመልሰው «የጃንዋሪ ኪራይ 200 ዶላር፣ ሙሉ ክፍያ» ተብሎ እንዲጻፍ አደረጉ።

በወሩ መጨረሻ ዝናቡ ለቀናት ሲያቆም አዲስ ዚፍት በእሳት ተነጠፈ። ይሄ ሥራ ደረቅ ሰጥሕ ይፈልጋል፤ በእርጥብ ላይ ከተነጠፈ ሥሩ ውኃ ተይዞ ይላቀቃል። ስለዚህ አከራይ «ዝናቡ እስኪያቆም» ቢልሽ ሁልጊዜ ሰበብ አይደለም። ያ ጊዜ እስኪደርስ መውረጃውን ክፍት ማድረግና ሰጥሑን በፕላስቲክ መሸፈን ይቻላል፤ ቅናሹም የሚጠየቀው ለዚሁ የመጠበቂያ ጊዜ ነው።

ሥራው እንዳለቀ አከራዩ «የፌብሩዋሪ 240 ነው» አለ። እነሱ ደብዳቤውን አሳዩት፦ አንድ ከባድ ዝናብ ካለፈ በኋላ ነው የሚለውን። ዝናቡ ፌብሩዋሪ ውስጥ መጣ፣ የእርሳሱ መስመር ደርቆ ቀረ። ከማርች ጀምሮ ሙሉውን ከፈሉ።

ደብዳቤው የማይሠራበት ጊዜ

ቤቱን ያከራየችሽ ሌላ ተከራይ ከሆነች፣ መጀመሪያ የምትነግሪው ለእሷ ነው። ባለቤቱ እዚያ መኖርሽን ላያውቅ ይችላል፤ በቀጥታ ብትጽፊለት ሁለታችሁም ልትወጡ ትችላላችሁ።

ወረቀትሽ ያልተስተካከለ ከሆነም አደጋውን አስቢ። አከራይ ያለ ፍርድ ቤት ውሳኔ ማስወጣት በሕግ አይፈቀድለትም፤ ነገር ግን ፖሊስ እጠራለሁ ብሎ የሚያስፈራራ አለ። እንዲህ ዓይነት ሰው ከሆነ ደብዳቤውን ከመላክሽ በፊት ሠራተኞችን የሚረዳ ድርጅት ወይም ጠበቃ አማክሪ። ከቅናሹም ይልቅ ጥገናውን ብቻ መጠየቅ ሊሻል ይችላል።

ከሁሉም በላይ ጣሪያው ወደ ታች ጎብጦ ከታየሽ፣ ሲሚንቶው እየተላጠ ብረቱ ከወጣ ወይም ፍርስራሽ ከወደቀ፣ ይሄ የኪራይ ድርድር ጉዳይ አይደለም። ከዚያ ክፍል ዛሬውኑ ውጡ፣ ዕቃችሁን አውጡ፣ ከዚያ በኋላ ደውሉ።