ለቁጡ ደንበኛ በአደባባይ የሚሰጥ መልስ

በአደባባይ የሚጻፍ መልስ ሁለት አንባቢዎች አሉት፤ አንደኛው ቅር የተሰኘው ደንበኛ ሲሆን ሁለተኛው ገና ለመግዛት የሚያመነታው ሰው ነው።

በቴሌግራም የሽመና ውጤት የምትሸጥ ነጋዴ እንውሰድ። አንዲት ገዢ «ነጠላው በመጀመሪያው እጥበት ቀለሙ ለቀቀ፤ ሌቦች ናችሁ» ብላ ጻፈች እንበል። «ሌቦች» የሚለው ስድብ ነው፤ «ቀለሙ ለቀቀ» የሚለው ግን ሊጣራ የሚችል ነገር ነው። ስለዚህ ስድቡን አልፌ፣ ከነጠላው ፎቶግራፍ ሥር እንዲህ ብዬ እጽፍ ነበር፦

«ውድ ደንበኛችን፣ የጥለቱ ቀለም ነጩን ስላበላሸብዎት እናዝናለን። ነጠላውን በእኛ ወጪ ይላኩልን፤ እንደ ምርጫዎ እንለውጥልዎታለን ወይም ገንዘብዎን እንመልሳለን። በዚሁ ክር የተሠሩትን ቀሪዎቹን፣ ጥለታቸውን በእርጥብ ነጭ ጨርቅ አሽተን እስክንፈትሽ ድረስ አንሸጥም።»

«በሙቅ ውኃ አጥበውት ይሆናል» የሚለውን ሆን ብዬ ትቼዋለሁ። እውነት ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን የሚያመነታው ገዢ ያንን ሲያነብ «ነገ እኔም ብከፋ ጥፋቱ በእኔ ይላከካል» ብሎ ይሸሻል። የአስተጣጠብ ምክሩ ከነጠላው ጋር በሚላክ ወረቀት ላይ ቢሰፍር ይሻላል።

ይህን ሰው የሚያረጋጋው የይቅርታው ቃል ብቻ አይደለም፤ ይልቁንም ስለ ፍተሻው የተነገረው ነው፤ እርሱ የሚገዛው ከቀሪዎቹ አንዱን ነውና። ነጩ ጨርቅ ቀለም ከያዘ፣ ነጋዴዋ እነዚያን ነጠላዎች ከሽያጭ ማውጣቷን በዚያው ሥፍራ ትጻፍ። ፍተሻው ካልተደረገ ግን ቀጣዩ ቅሬታ መልሱን ሐሰት ያደርገዋል።